ብዙ የሚታይ ግን የማይሸጥ ሊስቲንግን ከሪፖርት ላይ እንዴት ነው የምለየው

ጥያቄ፦ «አማዞን ላይ 40 የሚሆኑ ሊስቲንጎች አሉኝ፣ አንዳንዶቹ በጣም ይታያሉ ግን አይሸጡም። ቢዝነስ ሪፖርቱንም ሰርች ተርም ሪፖርቱንም አውርጄ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፣ ግን ችግሩ ዋጋው ይሁን ፎቶው ይሁን ኪወርዱ ምንም አልገባኝም። ከየት ነው የምጀምረው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ ሁለቱ ሪፖርቶች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፣ ለዛ ነው ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ምንም የማይሉህ። ቢዝነስ ሪፖርቱ የቱ ሊስቲንግ ጋ ሰው ገብቶ ሳይገዛ እንደሚወጣ ያሳይሃል፣ እዛ ላይ ያበቃል፣ ለምን እንደወጣ አንድም ቃል አይነግርህም። ሰርች ተርሙ ደግሞ የገባው ሰው ምን ብሎ ፅፎ እንደመጣ ያሳይሃል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ነው የሚነበቡት፣ መጀመሪያ በአንደኛው የታመመውን ትለያለህ፣ ከዛ በሁለተኛው የመጡት ሰዎች ትክክለኛዎቹ ናቸው ወይስ መንገድ ስተው የገቡ ናቸው የሚለውን ታጣራለህ። ይቺን ጥያቄ ሳትመልስ ዋጋ ወይ ፎቶ ብትነካ በጨለማ ነው የምትነካው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። Business Reports ውስጥ ገብተህ Detail Page Sales and Traffic by Child Item የሚለውን ለ30 ቀን አውርድ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው Page Views ላይ ማካፈሉ ነው። አንድ ሰው ጠዋት አይቶህ ከሰዓት ተመልሶ ሶስቴ ቢያይህ Page Views ሶስት ይላል፣ Sessions ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ያው ሰው ስለሆነ አንድ ነው የሚለው። ሶስቴ የተመለሰ ሰው እኮ አንዴ ነው የሚገዛህ፣ ስለዚህ የምታካፍለው በSessions ነው። ሌላው ደግሞ Unit Session Percentage የሚለውን እንዳለ አትመነው፣ እሱ የሚቆጥረው የእቃውን ብዛት ነው፣ 20 ሰው ገብቶ አንዱ ብቻ 20 ፍሬ ካነሳ በቃ ሊስቲንጉ ጤነኛ ይመስላል፣ 19ኙ ሰው ግን ዝም ብሎ ወጥቷል። እኔ Total Order Items የሚለውን ነው ለSessions የማካፍለው።

አሁን 40ውንም አስልተህ በፐርሰንት ከትንሹ ወደ ትልቁ ትደረድራቸዋለህ አይደል? እዛ ጋ ቆም በል። 60 ሰው ገብቶ ምንም ያልሸጠው ሊስቲንግ ዜሮ ፐርሰንት ስለሆነ ከላይ ይመጣል፣ አንተም ሙሉ ቀንህን እሱ ላይ ታጠፋለህ፣ ግን 60 ሰው ምንም አይደለም ገና። እኔ የምሰራው እንደዚህ ነው፣ የራሴን ሊስቲንጎች ፐርሰንት ደርድሬ መሀል ላይ ያለውን እወስዳለሁ፣ የአንተ 7 ፐርሰንት ነው እንበል፣ ከዛ እያንዳንዱ ሊስቲንግ በ7 ፐርሰንት ቢሸጥ ኖሮ ስንት ኦርደር ይኖረው ነበር ብዬ የሸጠውን እቀንሳለሁ። Sessions B ላይ፣ ኦርደር C ላይ ካለ ፎርሙላው ይቺ ናት፦

```
=B2*0.07-C2
```

የሚወጣው ቁጥር ያመለጠህ ኦርደር ነው፣ በሱ ነው ከትልቁ ወደ ትንሹ የምትደረድረው። 60 ሰው ገብቶ ዜሮ የሸጠው 4 ገደማ ኦርደር ነው ያመለጠው፣ 2,400 ሰው ገብቶ 46 የሸጠው ግን 122 አምልጦታል። ሁለቱም «አይሸጡም» ይባላሉ፣ አንተ ግን የምትቀመጠው ሁለተኛው ጋ ነው። እና ኢንተርኔት ላይ «ጥሩ ኮንቨርዥን ይሄን ያህል ነው» የሚሉትን ቁጥር አትጠቀም፣ ውድ እቃ ሰው አስቦበት ስለሚገዛው ፐርሰንቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ርካሹ ከፍ ይላል። ዕቃዎችህ በጣም ከተለያዩ በየዘርፋቸው ለይተህ ለየብቻ መሀለኛውን አውጣላቸው።

ከላይ የመጡትን ሰርች ተርም ውስጥ ይዘህ ከመግባትህ በፊት ሶስት ነገር አጣራ፣ ምክንያቱም እነዚህ ካሉ ሰርች ተርም ላይ የምታጠፋው ጊዜ ባክኖ ነው የሚቀረው። አንደኛው Featured Offer Percentage ነው። ገፁን ካዩት ሰዎች ስንት ፐርሰንቱ ጋ የመግዣው በተን የአንተ እንደነበር ነው የሚያሳየው። 30 ፐርሰንት ከሆነ አብዛኛው ሰው ያው ገፅ ላይ ያየው የሌላ ሻጭን በተን ነው፣ ወይ ደግሞ በተኑ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር፣ ፎቶ ብትቀይር ምንም አይመጣም። ሁለተኛው ስቶክ ነው፣ ይሄ ሪፖርት ውስጥ «ለ11 ቀን እቃ አልነበረህም» የሚል ኮለም የለም፣ ሰው ግን እቃው ሳይኖርም መግባቱን አያቆምም፣ Sessions ይቆጠራል፣ ኦርደር አይኖርም፣ ስለዚህ ቀኖቹን ራስህ አስታውሰህ አውጣቸው።

ሶስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ በር የሆነ ሊስቲንግ። እቃህ ጥቁርና ሰማያዊ አለው እንበል፣ ማስታወቂያው የሚያስገባው ጥቁሩ ላይ ነው፣ ሰው በጥቁሩ ይገባና ሰማያዊውን ነክቶ ሰማያዊውን ይገዛል። ጥቁሩ ጋ Sessions ተከምሮ ኦርደር የለም፣ ሰማያዊው ጋ ደግሞ በጥቂት Sessions ብዙ ኦርደር። ጥቁሩ «የማይሸጥ» ተብሎ ማስታወቂያው ሲዘጋ የሰማያዊው ሽያጭ አብሮ ይሞታል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሪፖርቱን በParent Item ደግመህ አውርድና እይ፣ በፓረንት ሲታይ ጤነኛ ከሆነ በሽታ የለም፣ በሩ ስራውን እየሰራ ነው።

እነዚህን አልፎ የቀረው ነው እውነተኛው «ብዙ የሚታይ ግን የማይሸጥ»። ከ40 ውስጥ ብዙ ጊዜ ሶስት አራት ቢቀር ነው።

አሁን ሰርች ተርም ሪፖርት። እዚህ ጋ አንተን ያደናገረህ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ Sponsored Products ውስጥ ያለው የሰርች ተርም ሪፖርት ላይ የሊስቲንጉ ASIN የለበትም። ካምፔይን አለ፣ አድ ግሩፕ አለ፣ ሰውየው የፃፈው ቃል አለ፣ ክሊክና ኦርደር አለ፣ ግን ያ ክሊክ የቱ እቃ ላይ እንዳረፈ አይፅፍም። አንድ አድ ግሩፕ ውስጥ አስር እቃ ከተህ ከሆነ የአስሩም ቃል ተደባልቋል፣ የፈለከውን ያህል ብታፈጥበት ከቢዝነስ ሪፖርቱ ጋ አይገናኝልህም። Advertised product የሚለው ሪፖርት ደግሞ በተቃራኒው እቃውን ያሳይሃል ቃሉን አያሳይህም። መፍትሄው አንድ ነው፣ የተጠረጠረውን ሊስቲንግ አውጥተህ ለብቻው አድ ግሩፕ ስጠው (የአንድ እቃ ቀለሞች አብረው ቢሆኑ ችግር የለውም)፣ ከዛ ሶስት አራት ሳምንት ጠብቀህ ነው ሪፖርቱን የምታወርደው። አዎ ጊዜ ይበላል፣ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም፣ ብራንድህ የተመዘገበ ካልሆነ በስተቀር፣ እሱን ታች እመለስበታለሁ።

አነባበቡን በአንድ በሰራሁት ምሳሌ ላሳይህ፣ ከላይ 2,400 Sessions 46 ኦርደር ያልኩህ የላፕቶፕ የጀርባ ቦርሳ ነው። ባለቤቱ እኔ ጋ የመጣው «ዋጋው ተወዷል መሰለኝ ልቀንሰው ነው» ብሎ ነው። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ሪቪውው መጥፎ አይደለም፣ Featured Offer 97 ፐርሰንት፣ ስቶክ ሙሉ። የቀሩት ሊስቲንጎቹ ከ6 እስከ 9 ፐርሰንት ይሸጣሉ፣ ይሄ ግን 2 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም።

ሰርች ተርሙን ሲከፍተው ከላይ ያለው ረድፍ 88 ክሊክ ዜሮ ኦርደር፣ ቀጣዩ 60 ምናምን አንድ ኦርደር፣ ከዛ በኋላ 3 ክሊክ፣ 2 ክሊክ፣ 5 ክሊክ እያለ መቶ ምናምን ረድፍ ይወርዳል። እሱ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ አይቶ ነው የተወው፣ የቀሩት ትንንሽ ስለሆኑ ምንም አይመስሉም። ግን ሰው አንድን ነገር በሃምሳ አይነት መንገድ ነው የሚፅፈው፣ ቃላቱን ገልብጦ፣ ስፔሊንግ አሳስቶ፣ አንድ ቃል ጨምሮ። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ አይነበብም፣ በውስጡ ባለው ቃል ተሰብስቦ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ ASIN የሆኑትን ረድፎች አስወግድ፣ ማለትም b0 ብለው የሚጀምሩትን፣ እነሱ ሰው የፃፋቸው ሳይሆኑ ማስታወቂያህ የሌላ እቃ ገፅ ላይ የታየባቸው ናቸው። ከዛ የተረፈውን በአይንህ ሮጥ ሮጥ ብለህ እየው፣ እየተደጋገመ የሚመጣ ቃል ይኖራል። እዚህ ጋ እየተደጋገመ ያስቸገረኝ 17 የሚለው ቁጥር ነበር። A ላይ ቃሉ፣ B ላይ ክሊክ፣ C ላይ ኦርደር አድርገህ፦

```
=SUMIF(A:A,"*17*",B:B)
=SUMIF(A:A,"*17*",C:C)
```

የመጀመሪያው 412 አለ፣ ሁለተኛው 1 አለ። 412 ክሊክ አንድ ኦርደር! ጠቅላላ የማስታወቂያው ክሊክ 970 ነበር፣ ስለዚህ ከ40 ፐርሰንት በላይ የሚሆነው ክሊክ የመጣው 17 ኢንች ላፕቶፕ የሚይዝ ቦርሳ ከሚፈልግ ሰው ነው። 17 inch፣ 17in፣ 17.3፣ ሁሉም አለ፣ ኮከቦቹን ከፊትና ከኋላ ያደረኩት ለዛ ነው። ቦርሳው የሚይዘው ግን እስከ 15.6 ነው።

ታዲያ ለምንድነው 17 ለሚፈልግ ሰው የሚታየው? ርዕሱን አነበብኩት፣ መጨረሻው ላይ 17 inch ይላል። ባለቤቱን ስጠይቀው «የቦርሳው ቁመት ነው» አለኝ። አየህ፣ ውሸት አልፃፈም፣ ቁመቱ 17 ኢንች ነው፣ ግን laptop እና 17 inch አንድ ርዕስ ውስጥ ሲቀመጡ ፈላጊውም ሰው ሰርቹም የሚረዱት በሌላ መንገድ ነው። ሰውየው ይገባል፣ አራተኛው ፎቶ ላይ 15.6 የሚለውን ሲያይ ይወጣል። ይሄ እንግዲህ ዋጋ ቢቀነስ አይስተካከልም፣ በነፃ ብትሰጠው ላፕቶፑ አይገባለትም። አንዳንዱ ሳያይ ገዝቶ ይመልሰዋል፣ ያችን አንዷን ኦርደር ሳጣራ ተመላሽ ሆና ነው ያገኘኋት።

ሌሎቹ ቃላት ደግሞ የተለየ ነገር ነው የሚሉት። slim ያለባቸው ተሰብስበው 118 ክሊክ 11 ኦርደር፣ 15.6 ያለባቸው 64 ክሊክ 6 ኦርደር፣ ሁለቱም ከ9 ፐርሰንት በላይ። እዚህ ጋ ቆይ አስበው፣ ያው ፎቶ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ሪቪው፣ ትክክለኛው ሰው ሲገባ ከሱቁ ሁሉ የሚበልጥ ይሸጣል። ስለዚህ የዋጋው ጥርጣሬ እዚህ ጋ ወደቀ። ይሄን ነው ሁሌም መፈለግ ያለብህ፣ አንድ ሊስቲንግ ውስጥ አንዱ ቃል በደንብ ሸጦ ሌላው ካልሸጠ ገፁ በጠቅላላው አልተበላሸም፣ የሰዎቹ ፍላጎት ነው የተለያየው። ሁሉም ቃላት እኩል ደካማ ከሆኑ ግን ያኔ ዋጋን፣ የዴሊቨሪ ቀንን፣ ሪቪውን፣ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ጠርጥር፣ ምክንያቱም እነሱ በየትኛውም ቃል የመጣ ሰው የሚያያቸው ናቸው።

ሶስተኛው ቡድን waterproof ነው፣ 236 ክሊክ 2 ኦርደር። ባለቤቱ 17ቱን ካየ በኋላ «በቃ ይሄንንም እንዝጋው» አለ፣ እኔ ግን ቆየኝ አልኩት፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ቢመሳሰልም ነገሩ ላይመሳሰል ይችላል። 17 ኢንች የሚፈልገውን ሰው እቃው ራሱ ነው የማይሆነው። ዝናብ የሚፈራውን ሰው ግን እቃው ይሆነዋል ወይስ አይሆነውም? ይሄን ሰርች ተርም ሪፖርት አይመልስልህም፣ ክሊክና ኦርደር ብቻ ነው ያለው፣ መሀል ላይ ምን እንደሆነ አያሳይም።

ብራንዱ የተመዘገበ ስለነበር Brand Analytics ውስጥ Search Query Performance ገባን፣ በASIN የሚታየውን። ይሄ ሪፖርት ትልቁ ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ቃል ከክሊክ ቀጥሎ ካርት ውስጥ መግባቱን ከዛ ግዢውን ማሳየቱ ነው፣ ያውም የአንተን ብቻ ሳይሆን በዛ ቃል የፈለጉ ሰዎችን ሁሉ ከአንተ ጋ ጎን ለጎን አድርጎ። እና ASIN ስላለው አድ ግሩፕ የመለየቱ ጣጣ የለውም። (አቆጣጠሩ ከማስታወቂያው ሪፖርት ስለሚለይ ቁጥሮቹን እኩል አመጣለሁ ብለህ አትድከም፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ብቻ አወዳድር።)

በዛ ወር waterproof laptop backpack ብለው ከፈለጉ ሰዎች በጠቅላላው 20,000 ክሊክ፣ 5,000 ካርት፣ 1,600 ግዢ ነበር። የእኛ 400 ክሊክ፣ 22 ካርት፣ 7 ግዢ። አሁን በእርጋታ አንብበው። ክሊክ ካደረገው ሰው በጠቅላላው ገበያ 25 ፐርሰንቱ ካርት ውስጥ ያስገባል፣ የእኛ ጋ 5 ፐርሰንት ተኩል። ካርት ካስገባው ደግሞ ገበያው ላይ 32 ፐርሰንቱ ይገዛል፣ የእኛም ጋ ከ22ቱ 7ቱ፣ ያው 32። ስለዚህ ካርት ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም ችግር የለም፣ መላኪያው፣ ዋጋው፣ የሚደርስበት ቀን ሰው አላስመለሰም። የሚሰበረው ገፁ ላይ ነው፣ ገብቶ አንብቦ የፈለገውን አጥቶ ነው የሚወጣው። የተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ ካርቱ እኩል ሆኖ ግዢው ቢወድቅ፣ ያኔ ገፁን ትቼ የማየው የመላኪያ ወጪና የሚደርስበትን ቀን ነበር፣ እነሱን ሰው መጨረሻ ላይ ነው በደንብ የሚያያቸው። ዋጋን ከጠረጠርክ ደግሞ እዛው ሪፖርት ላይ Price (Median) የሚሉ ኮለሞች አሉ፣ በዛ ቃል ክሊክ የተደረጉትና የተገዙት እቃዎች መካከለኛ ዋጋ ከአንተው ጋ አብሮ አለልህ፣ የተገዙት ከአንተ ብዙ የረከሱ ከሆኑ ሰው አይቶህ ሌላ ጋ እንደሄደ ይገባሃል።

ከዛ ገፁን እንደ ገዢ ሆነን ከፈትነው፣ ስልክ ላይ፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ሰው የሚያየው ፎቶዎቹን ነው፣ ፅሁፉን ለማንበብ ብዙ መውረድ አለበት። ዝናብ የሚል ነገር ፎቶ ላይ የለም። አምስተኛው ቡሌት ላይ ጨርቁ ውሃ ይቋቋማል የሚል አንድ ሀረግ አለ፣ በቃ። ዚፑ ተራ ዚፕ ነው። «ይሄ ቦርሳ ዝናብ ላይ ምን ያደርጋል?» ስለው ባለቤቱ ቦርሳውን ገልብጦ ከስር ያለችውን ትንሽ ዚፕ ከፈተና ታጥፎ የተቀመጠ የዝናብ ልባስ አወጣ፣ ሙሉ ቦርሳውን የሚሸፍን። ገፁ ላይ የት ተፅፏል ስለው ዲስክሪፕሽኑ መጨረሻ ላይ አገኘነው። ሰው የሚፈልገው ነገር እቃው ውስጥ አለ፣ ገፁ ላይ ግን የለም።

ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች የተሰጣቸው መድሃኒት የተለያየ ነው። 17ን ከርዕሱ አወጣነው፣ ቁመቱን መለኪያ ፎቶው ላይ ብቻ ተውነው፣ ርዕሱ ላይ እስከ 15.6 ላፕቶፕ የሚይዝ ብለን ፃፍን፣ ማስታወቂያው ላይ ደግሞ 17 inch ን እና 17.3 ን Negative phrase አድርገን አስገባን። ልብ በል፣ ኔጋቲቭ ኪወርድ የሚያቆመው ማስታወቂያውን ብቻ ነው፣ በነፃ ሰርች የሚመጣውን አይነካም፣ ርዕሱን ሳትነካ ኔጋቲቩን ብቻ ብታስገባ ሰዎቹ መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። waterproof ን ግን አልዘጋነውም፣ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ልባሱ ለብሶ የሚታይ ቦርሳ፣ ሶስተኛው ላይ ልባሱ ከስር ሲወጣ የሚያሳይ አደረግን፣ ርዕሱ ላይ «ከዝናብ ልባስ ጋር» ብለን ጨመርን። «ውሃ አያስገባም» ብለን እንዳንፅፍ እኔ ተከራክሬያለሁ፣ ዚፑ ውሃ ያስገባልና ያ ደግሞ ነገ በሪቪው ነው የሚመለሰው፣ አንዴ ላፕቶፑ የረጠበበት ሰው የሚፅፈው ሪቪው ሁሉንም ቃል ነው የሚገድልብህ።

ሁለቱን በአንድ ቀን አልቀየርንም፣ 17ቱን መጀመሪያ፣ ፎቶውን ከሶስት ሳምንት በኋላ፣ የትኛው ምን እንዳመጣ ለማወቅ። መጀመሪያ Sessions ሲወርድ ባለቤቱ ደንግጦ ደወለልኝ፣ ግን የወረደው መግዛት የማይችለው ሰው ነው። ሁለቱም ከገቡ በኋላ ባለው 30 ቀን 1,450 Sessions 77 ኦርደር ሆነ፣ 5.3 ፐርሰንት። ሰው በ950 ቀንሶ ኦርደር በ31 ጨመረ፣ ዋጋው ሳይነካ። waterproof አሁንም እንደ slim አይሸጥም፣ መቼም እኩል ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፣ ምክንያቱም እውነተኛ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ የሚፈልግ ሰው ውስጡ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስንት ክሊክ ሲሆን ነው «ይሄ ቃል አይሸጥም» የሚባለው የሚለውን። ብዙ ሰው 10 ክሊክ ዜሮ ኦርደር ሲያይ ይዘጋዋል፣ ያ ችኮላ ነው። ሊስቲንጉ በጤናው 8 ፐርሰንት የሚሸጥ ከሆነ 20 ክሊክ አልፎ ምንም አለመሸጥ በአጋጣሚ ብቻ ከአምስት አንዴ ገደማ ይመጣል፣ ምንም ሳይበላሽ ማለት ነው። እኔ የምጠቀምባት ቀላል ሂሳብ 3ን ለጤነኛው ፐርሰንት ማካፈል ናት፣ 3 ለ0.08 ሲካፈል 38 ገደማ፣ ከዛ በላይ ክሊክ ሆኖ ዜሮ ከሆነ በአጋጣሚ የመሆን እድሉ ከ5 ፐርሰንት በታች ነው፣ ያኔ እጄን አስገባለሁ። ጤነኛው 2 ፐርሰንት ከሆነ ግን 150 ክሊክ መጠበቅ አለብህ። ትንንሾቹን ረድፎች በቃል ሰብስበህ የምታነበውም ለዚሁ ነው፣ ለየብቻቸው መቼም 38 አይሞሉም፣ ተሰብስበው ግን ይሞላሉ።

ኦርደር ያለባቸውን ቃላትም ስታይ 7 Day Advertised SKU Units እና 7 Day Other SKU Units የሚሉትን ኮለሞች ለያቸው። ሰው የአንዱን እቃህን ማስታወቂያ ነክቶ ገብቶ ሌላውን እቃህን ሊገዛ ይችላል፣ ጠቅላላው ኦርደር ውስጥ ግን ይቆጠራል፣ እና ቃሉ ይሄን ሊስቲንግ የሚሸጥ ይመስልሃል ቢዝነስ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ኦርደሩ የለም። ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉህ መጀመሪያ እሱን እይ።

ሪፖርቱን ስታወርድ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 7 ቀናት ተዋቸው። ማስታወቂያው ኦርደርን ክሊኩ ከተደረገ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ነው የሚቆጥረው፣ ትላንት ክሊክ ያደረገ ሰው ነገ ሊገዛ ይችላል፣ እና የዚህ ሳምንት ክሊክ ሁሌም ከእውነተኛው የባሰ ሆኖ ነው የሚታየው። ለአንተ አሁን ባልኩህ ፎርሙላ ከላይ የሚመጡትን ሶስት ሊስቲንጎች ለይና አድ ግሩፖቹ ውስጥ ከሌላ እቃ ጋ ተደባልቀው ከሆነ ዛሬውኑ ለያቸው፣ የሰርች ተርም ሪፖርትህ መናገር የሚጀምረው ከዛ ቀን ጀምሮ ነው፣ የበፊቱን ወደኋላ ተመልሰህ መለየት አይቻልም። አውጥተህ ያልገባህ ቡድን ካለ ቃሉን፣ ክሊኩንና ኦርደሩን ፅፈህ እዚሁ አስቀምጥልኝ፣ አብረን እናየዋለን።